እረኛው ልጅ፣ ኮከቡና የኩሬው ጠጠር

ጥያቄ፦ «ለልጆች አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። አንድ እረኛ ልጅ ሌሊት መንጋውን ሲጠብቅ ከዋክብት ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚሉ ግራ ይገባዋል። በረቂቄ ላይ አያቱ ‹ከባቢ አየር ነው› ብለው በሁለት አንቀጽ ያስረዱታል፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ይሞትብኛል። ሳይንሱን ሳላዛባ ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል? የዘርፉ ባለሙያ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

ይቻላል። እረኛው መሣሪያም መጽሐፍም አያስፈልገውም፤ ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ ከሸለቆው ማዶ የሚነድ እሳትና አብሮት የሚያመሽ አንድ ሰው ካገኘ መልሱን በራሱ እጅ ሊጨብጠው ይችላል። የልጆች ታሪክ ረቂቆች ለሳይንስ እርማት ሲመጡልኝ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እርስዎ በጠቀሱት ቦታ ላይ ነው፦ አዋቂው ቃሉን ለልጁ ቀድሞ ያቀብለዋል። «ከባቢ አየር» የሚለው ቃል ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ልጁ ቃሉን ከሰማ በኋላ በዓይኑ የሚያየው ነገር አንድም አልተለወጠም። ኮከቡ እንደ ቀድሞው ይርገበገባል፣ አየሩም እንደ ቀድሞው አይታይም። ስለዚህ በቅድሚያ በእርግጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንመልከት፤ ከዚያ ልጁ የትኛውን ጫፍ ይዞ ሊደርስበት እንደሚችል በራሱ በታሪኩ ላሳይዎ።

ከኩሬው እንጀምር። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከጉልበት በታች በሆነ ኩሬ ወለል ላይ የሚሮጥ የብርሃን መረብ አይተው ይሆናል፤ ቀጫጭን ብሩህ መስመሮች እርስ በርስ እየተጠላለፉና እየተፈቱ በአሸዋው ላይ ይንሸራሸራሉ። መረቡን የሚሠራው የውሃው ገጽ ነው። ነፋስ ገጹን ሲያወዛውዘው ጉብ ያለው ክፍል የፀሐይን ብርሃን እንደ ሌንስ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፣ ጎድጎድ ያለው ደግሞ ይበትነዋል፤ የተሰበሰበበት ቦታ ይደምቃል፣ የተበተነበት ይደበዝዛል። አሁን በወለሉ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር አለች እንበል። ዓይንዎን ከእሷ ሳይነቅሉ ቢመለከቱ ጠጠሯ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች፣ መልሳ ትደምቃለች። ፀሐይ አልተለወጠችም፤ ጠጠሯም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የተንቀሳቀሰው በመካከላቸው ያለው ነው።

እኛም የምንኖረው በአየር ኩሬ ወለል ላይ ነው። ከበላያችን ያለው አየር አንድ ወጥ አይደለም፤ ሞቅ ያለውና ቀዝቀዝ ያለው ሳይዋሃድ እየተገላበጠ ይጓዛል፣ ቀዝቃዛው ይበልጥ የታፈገ ስለሆነ ብርሃንን ከሞቃቱ ትንሽ አብልጦ ያጥፋል። ልዩነቱ እጅግ ጥቃቅን ነው። አየር በሞላው ብርሃንን ከባዶ ቦታ አንጻር የሚያዘገየው ከ10,000 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሙቀቱ መጠን በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ደግሞ ይህ አቅሙ የሚለወጠው በሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዚህ መጠን የተጠማዘዘ ጨረር መሬት እስኪደርስ ድረስ ለመሰብሰብም ለመበተንም በቂ መንገድ አለው። በመሆኑም የአንድ ኮከብ ብርሃን ሜዳው ላይ ሲያርፍ በእኩል አይዘረጋም፤ ልክ እንደ ኩሬው ወለል በደማቅና በደብዛዛ ሠፈሮች ተዥጎርጉሮ ያርፋል። የእነዚህ ሠፈሮች ስፋት በተለምዶ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በጨለማ ውስጥ የተከፈተ የዓይናችን ብሌን ደግሞ ከ7 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ወይ በደማቁ ውስጥ ነው ወይ በደብዛዛው። ከፍተኛው ነፋስ መረቡን በሰከንድ 10 ሜትር ቢነዳው አንዱ ሠፈር በዓይናችን ላይ የሚያልፈው በሰከንድ መቶኛ ውስጥ ነው። ዓይን ይህን ፍጥነት ሁሉ መከተል አይችልም፤ ብልጭ ድርግም ብለን የምንጠራው ቀስ ብሎ የሚመጣውን ክፍል ብቻ ነው።

የታሪክዎ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ የልጁ ዓይን ያቺ ጠጠር ናት። ይህን አንድ ነገር ልጁ ካገኘ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይመጣል።

ነገር ግን ከኩሬው በፊት አንድ ጥርጣሬ መወገድ አለበት፤ ይኸውም ብልጭታው ኮከቡ ራሱ ጋ ያለ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። የልጅ የመጀመሪያ ግምት ይህ ነው፣ ተገቢም ነው፤ የምድጃ እሳት ይርገበገባል፣ ኮከብም እሳት ነው ሲሉት ሰምቷል። ሁለተኛው ግምት ርቀት ነው። ኮከቡ በጣም ስለሚርቅ ዓይን ይዝልና ይንቀጠቀጣል የሚለውን ሐሳብ አርስቶትልም ጽፎታል፤ ፕላኔት የምንላቸው ፈለኮች ቅርብ ስለሆኑ እይታችን ጸንቶ ይደርስባቸዋል፣ ከዋክብት ጋ ሲደርስ ግን ከርዝመቱ የተነሳ ይወዛወዛል ብሎ ነበር። ታሪክዎ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቢናገር ሞኝ አያሰኘውም።

ኮከቡ ራሱ የሚርገበገብ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰዎች ብልጭታውን በአንድ ጊዜ ማየት ነበረባቸው። መረቡ ግን በ10 ሴንቲ ሜትር የሚዥጎረጎር ስለሆነ ጥቂት ሜትሮች ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ብልጭታ ያያሉ። ይህ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ፈተና ነው። አንድ ደካማ ጎን አለው፦ ሰው አይቶ እስኪናገር ድረስ ከሰከንድ ሩብ ያህል ይወስድበታል፣ ስለዚህ ድምፃቸው አለመግጠሙ ከራሳቸው መዘግየት የመጣ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የሚዘጋው ማዶ ያለው እሳት ነው። በእሳቱ ፊት ሰው ሲያልፍ ብርሃኑ በእርግጥ ይቋረጣል፣ ሁለቱም በአንድ አፍ ይጠራሉ። በእሳቱ የሚገጥመው ድምፅ በኮከቡ ካልገጠመ ጥፋቱ የምላሳቸው አይደለም።

እንግዲህ ታሪኩን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር። እንደ ማሳያ ይውሰዱት እንጂ ቃሉን በራስዎ ይለውጡት።

በጎቹ ጉረኖ ከገቡ በኋላ ልጁ ከእህቱ ጋር በደጁ ላይ ተቀመጠ። በምሥራቅ፣ ከተራራው ጫፍ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብለው፣ ሁለት ብሩህ ነገሮች ወጥተዋል። አንደኛው ጸጥ ብሎ ያበራል። ሌላው ዕረፍት የለውም፤ ነጭ ነበር ሲሉት ቀይ ይፈነጥቃል፣ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋ ይመስልና መልሶ ይደምቃል።

«እትዬ፣ ያኛው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው። ሩቅ ስታይ ዓይንህ ይደክማል።»

ልጁ ጭብጡን ዘርግቶ ሁለቱንም ለካቸው። ከፍታቸው እኩል ነው። «ታዲያ አጠገቡ ላለው ለምን አልደከመም?»

እህቱ አልመለሰችለትም። ያንን ጥያቄ እሷም በእሱ ዕድሜ ጠይቃ መልስ ያጣችበት መሆኑን አልነገረችውም።

«ምናልባት እሳቱ ሊጠፋ እየታገለ ይሆናል» አለ ልጁ። «የኛ ምድጃ ሊጠፋ ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው።» ጥቂት ዝም አለና ተነሣ። «እንዲህ እናድርግ። አንቺ እዚያ ግንዱ ጋ ቁሚ፣ እኔ እዚህ እሆናለሁ። ቀይ ሲፈነጥቅ ‹አሁን!› እንበል።»

አሥራ አምስት እርምጃ ተራራቁ። «አሁን!» አለ ልጁ። እህቱ ዝም አለች። «አሁን!» አለች እሷ፤ ለልጁ ግን ኮከቡ ነጭ ነበር። ደጋግመው ሞከሩት። አንድ ጊዜ ገጠመላቸው፣ ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ አልገጠመም።

«እየቀደምሽ ነው።»

«አንተ ነህ የምትዘገየው።»

ከሸለቆው ማዶ የሌሎች እረኞች እሳት ይነድ ነበር። ልጁ ወደዚያ ጠቆመ። «እሺ፣ እሱን እንይ። ሲጠፋ እንጥራ።» ጠበቁ። አንድ ሰው በእሳቱ ፊት አለፈ፤ «አሁን!» አሉ ሁለቱም፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሸለቆው መለሰላቸው። ሰውዬው እንጨት ይዞ ተመለሰ፤ «አሁን!» አሁንም አንድ ላይ ነበሩ። ወደ ኮከቡ ዞሩ። አልገጠመም።

ልጁ ወደ እህቱ ሮጦ መጣ። «ቀዩ ኮከቡ ላይ አይደለም ያለው» አለ እያለከለከ። «ኮከቡ ላይ ቢሆን ሁለታችንም እናየው ነበር። ለኔ የመጣው ቀይና ላንቺ የመጣው ቀይ ይለያያል።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

ይህንን አላወቀም። በዚያ ሌሊት ከጠቦቶቹ መካከል አንዱ ሲያስል ሁለት ጊዜ ነቃ፤ በሁለተኛው ጊዜ ኮከቡ ወደ ሰማዩ መካከል ወጥቶ፣ ቀለሙን ትቶ፣ ነጭ ሆኖ በቀስታ ይርገበገብ ነበር። ይህም ግራ አጋባው።

በማግስቱ መንጋው ውሃ ሲጠጣ ልጁ በሆዱ ተኝቶ ወደ ኩሬው ያይ ነበር። የብርሃኑ መረብ በአሸዋው ላይ ይሮጣል። ከወለሉ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር አለች፤ መረቡ ሲያልፍባት ትፈነጥቃለች፣ ካለፈ በኋላ ትደበዝዛለች። ልጁ መጀመሪያ ልብ አላለውም። ከዚያ ከእሷ አንድ ክንድ ራቅ ያለች ሌላ ጠጠር አየ። አንዷ ስትፈነጥቅ ሌላዋ አትፈነጥቅም። እንደገና አየ። አንድ ጊዜ ገጠሙ፤ ከዚያ በኋላ አልገጠሙም።

«አሁን» አለ ለብቻው፣ በሹክሹክታ። «አሁን። አሁን።»

አንድ በግ ቀና ብላ አየችውና ወደ መጠጧ ተመለሰች።

ከዚያም ስስ ደመና ፀሐይዋን ሸፈነና መረቡ ሟሟ። ውሃው አላቆመም፤ ነፋሱም አለ፣ ገጹም ይወዛወዛል፣ ነገር ግን በወለሉ ላይ የሚሮጥ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ጠጠሮች ጸጥ ብለው ተቀመጡ። ልጁ ቀና ብሎ ወደ ደመናው አየ። ብርሃኑ አሁን ከአንዲት ነጥብ ሳይሆን ከሰፊው ደመና ሁሉ ይመጣል። ስለ ሁለተኛው ብሩህ ነገር፣ ስለዚያ ጸጥተኛ ስለሆነው፣ ለረጅም ጊዜ አሰበ።

ሲመሽ እህቱን ከደጁ ላይ አገኛት። «እትዬ፣ ተኚ» አላት።

«የት?»

«መሬት ላይ። ወደ ላይ እዪ።» አጠገቧ ተጋደመና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ውሃው ከበላያችን ነው። እኛ ታች ነን፣ ጠጠሮቹ ጋ።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ይበቃዋል። «ከባቢ አየር» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተነሣም፣ ምክንያቱ ግን ከእነ ማስረጃው አለ። አሁን በውስጡ በጨረፍታ ያለፍኳቸውን ነገሮች ላብራራልዎ፤ ሲያሻሽሉት ሳያውቁ እንዳይሰብሯቸው።

ስስ ደመናው ጌጥ አይደለም። ፈለኮች ለምን እንደማይርገበገቡ የሚያስረዳው እሱ ነው። በጣም ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ «ፈለኮች የራሳቸው ብርሃን ስለሌላቸው አይርገበገቡም» የሚለው ሲሆን፣ ብርሃኑ ከራስ የመጣ ይሁን የተንጸባረቀ ለአየሩ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ በስፋት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚርገበገበው ሲርየስ የተባለው ኮከብ ነው፣ ጸጥተኛው ደግሞ ጁፒተር የተባለው ፈለክ። ሲርየስ በሌሊት ከምድር ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ይደምቃል፤ ከኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ ግን ገጹ ከማንኛውም ዓይን አቅም በታች የሆነ ነጥብ ነው። ጁፒተር በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት ከእሱ ከ5,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከጁፒተር ገጽ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን መረብ መሬት ላይ ይጥላል፤ መረቦቹ ግን አንዱ ከሌላው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ስለሚደራረቡ የአንዱን ድምቀት የሌላው ድብዛዜ ይሸፍነዋል። በኩሬው ላይም ደመናው ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጁ ይህን በቃል ባይናገር ይሻላል፤ አንባቢው ሁለቱን ነገሮች ራሱ ሲያገጣጥም የሚያገኘውን ደስታ አይንጠቁት። ጁፒተር ሁልጊዜ በዚያ አካባቢ እንደማይገኝ ግን ያስታውሱ፤ ወደ አንድ የሰማይ ክፍል የሚመለሰው በየ12 ዓመቱ ገደማ ነው። ታሪኩ ዓመት ስለማይጠቅስ ችግር የለውም።

ሁለቱን በእኩል ከፍታ ያስቀመጥኩትም በምክንያት ነው። ኮከብ ወደ አድማስ ሲጠጋ ብርሃኑ አየሩን በሰያፍ ስለሚያቋርጥ መንገዱ ይረዝማል። ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ ማለት ወደ 10 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ከፍታ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ከአናት በላይ ካለው ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ በ30 ዲግሪ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ጸጥተኛው ከፍ ብሎ፣ የሚርገበገበው ዝቅ ብሎ ቢቀመጡ ልዩነቱ ከከፍታ የመጣ ነው ሊባል ይችል ነበር፤ የልጁም ክርክር ይፈርስ ነበር። ሌሊት ሲነቃ ኮከቡን ከፍ ብሎና ተረጋግቶ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በረቂቅዎ ላይ ኮከቡን ልክ ከአናቱ በላይ አድርገው በቀለም እንዲፈነጥቅ ካደረጉ ሰማይን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይይዝዎታል።

ቀለሙም ከዝቅታው ጋር የተያያዘ ነው። አየር ሰማያዊውን ከቀዩ ትንሽ አብልጦ ስለሚያጥፍ፣ ለአንድ ዓይን የሚደርሱት የቀይና የሰማያዊ ጨረሮች ከላይ የመጡት በጥቂቱ በተለያየ መንገድ ነው። ዝቅ ያለ ኮከብ ሲሆን መንገዶቹ በከፍታው ላይ በቂ ያህል ስለሚራራቁ የተለያየ የአየር ግልብጥብጥ ያገኛቸዋል፤ ቀዩ ሲደምቅ ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ተራቸውንም ይለዋወጣሉ። ለልጁ ፈተና ቀለሙን የመረጥኩት ከብሩህነት ይልቅ ቀለም ለመጥራት ስለሚቀል ነው። ሲርየስ በማታ በምሥራቅ በኩል የሚወጣው በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ፣ የዓመቱን ወቅት በታሪኩ ውስጥ የሚጠቅሱ ከሆነ ከዚህ ጋር ይግጠም። በተርታ የተሰለፉትን ሦስቱን የኦሪዮን ከዋክብት ወደ አድማሱ አቅጣጫ በዓይን ቢከተሏቸው ወደ እሱ ያደርሱዎታል።

ስለ እሳት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እኔ ራሴ የወደቅኩበት ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት ለልጆች ባዘጋጀሁት የምሽት ትርዒት ላይ ከተቀጣጠለ እሳት በላይ ያለውን አየር አሳይቼ «ከዋክብት የሚርገበገቡት በዚህ ነው» አልኳቸው። ከማዶ ያለው ዛፍ በእርግጥ ሲወዛወዝ ይታያል፣ ምሳሌውም ያምራል። ትርዒቱ ሲያበቃ ግን አንዲት ልጅ «እሳቱን ብናጠፋው ከዋክብቱ ያቆማሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዓይን አጠገብ ያለ የሞቀ አየር የነገሮችን ቅርጽ ያወዛውዛል፤ የኮከብን ድምቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ግን በዋናነት ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ግልብጥብጥ ነው፣ ምክንያቱም የተጠማዘዘ ጨረር ለመሰብሰብ ርቀት ያስፈልገዋል። በኩሬውም ይህን ማየት ይቻላል፦ መዳፍዎን ውሃው ውስጥ አስገብተው ከገጹ ሥር ቢያስጠጉት መረቡ ደብዝዞ ይታያል፣ ዝቅ ሲያደርጉት መስመሮቹ ይሰላሉ። ስለዚህ በታሪክዎ ውስጥ እሳትን ለመብራትነት ይጠቀሙበት እንጂ ለምክንያትነት አይጠቀሙበት። ማዶ ያለውም ሰፋ ያለ እሳት መሆን አለበት። በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ትንሽ መብራት ከሆነ እሱም እንደ ኮከብ ሊርገበገብ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ልጆች በአንድ አፍ የሚጠሩበት ነገር ያጣሉ።

እህትየዋን በዕድሜ የገፉ አያት ለማድረግ ከፈለጉ ያድርጉት፤ ሆኖም አያትዬው ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ ለቀይ ብልጭታ «አሁን» ማለት ይከብዳቸዋል፣ ፈተናውም ይበላሻል። እኔ ብሆን አያቱን የማስገባው ማዶ ካለው እሳት ፊት እንጨት ይዘው እንዲያልፉ ነው። ሳያውቁት የፈተናው ዋና ክፍል ይሆናሉ።

አንባቢዎ ትንሽ ከፍ ያሉ ልጆች ከሆኑና የጥንት ሰው ማስገባት ካሻዎ ኒውተን ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን ጥናቱ ላይ ከዋክብት የሚርገበገቡት አየሩ ያለ ማቋረጥ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ካለ በኋላ፣ ሰፊ አፍ ባለው ቴሌስኮፕ ሲታዩ ግን እንደማይርገበገቡ ጽፏል። ምክንያቱን አሁን እርስዎም ያውቁታል፦ ሰፊው አፍ ብዙ ደማቅና ብዙ ደብዛዛ ሠፈሮችን በአንድ ጊዜ ይሰበስባል፣ ድምራቸውም ብዙ አይለዋወጥም። በኩሬው ቋንቋ ቴሌስኮፑ ጠጠር አይደለም፤ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ከጠጠሯ አጠገብ ያለውን ሰፊ ድንጋይ አይቶ መረቡ ሲሮጥበት ድንጋዩ በጠቅላላው እንደማይደምቅና እንደማይደበዝዝ ቢገነዘብ፣ ለተከታይ ታሪክ የሚሆን በር ይከፈትልዎታል።

የመረቡን ራሱን በመሬት ላይ ማየት ስለሚቻልበት አጋጣሚም ላንሣ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በጨረቃ ልትጋረድ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሯት የቀረችው እንደ ክር የቀጠነች ማጭድ ስለሆነች ብርሃኗ ከጠባብ ቦታ ይመጣል፤ በዚያች ቅጽበት ነጣ ባለ ሜዳ ወይም በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈዘዝ ያሉ ጥላዎች እንደ ውሃ ሞገድ ሲሮጡ ሊታዩ ይችላሉ። አየሩ የሠራው የብርሃን መረብ ያ ነው። በእያንዳንዱ ግርዶሽ አይታይም፣ ሲታይም በጣም ደብዛዛ ነው፤ ስለዚህ በታሪክ ውስጥ ካስገቡት አንድ ጎልማሳ አይቶት የማያውቅ፣ ልጁ ግን መሬት መሬት ስላየ ያገኘው ነገር ቢሆን ተአማኒ ይሆናል።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ጨረቃ ነው። ከጠቀሷቸው ሁለት አንቀጾች ጋር ረቂቅዎ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ ካለች ያንን ሌሊት ወደ ሌላ ቀን ያዛውሩት። ሲርየስና ጁፒተር በጨረቃ ብርሃንም ይታያሉ፤ ቀይና ሰማያዊው ፍንጥቅታ ግን ይደክማል፣ ከማዶ ያለውን እሳትና በፊቱ የሚያልፈውን ሰውም እንደ ልብ ለይቶ ለማየት ጨለማ ይጠይቃል።